መነሻ ዴክ፦ የዴክ ቢልዲንግ ጌም ስንሠራ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አንድ ቡና ቤት ውስጥ እሁድ ከሰዓት እየተሰበሰብን የራሳችንን የካርድ ጌም እየሠራን ነው፣ ስለ ቡና ንግድ ነው (ጅማ ተቀምጠን ስለ ሌላ ነገር ብንሠራ ማን ያምነናል)። አጠገባችን የሚቀመጡ ሰዎችም፣ እንደኛ ጌም የሚሞክሩ ልጆችም ስለ መነሻ ዴኩ አንድ አይነት ጥያቄ ደጋግመው ስለሚጠይቁን መልሱን እዚህ አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው። ስለ ጌሙ በሙሉ አይደለም፣ ስለ መጀመሪያዎቹ ሶስት አራት ተራዎች ብቻ ነው።

መነሻ ዴክ ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው?

በተለመደው ካርታ ሁሉም ሰው ከአንድ ክምር ነው የሚታደለው። ዴክ ቢልዲንግ ላይ ግን እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱ ትንሽ ክምር አለው፣ ከሱ ላይ እየመዘዘ ይጫወታል፣ በሚያገኘው ብር ደሞ ከገበያው አዲስ ካርድ ይገዛል፣ የገዛው ካርድ ከተጣሉት ጋር ይቀመጥና ክምሩ ሲያልቅ ሁሉም ተበውዞ እንደገና ይመጣል። መነሻ ዴክ ማለት ምንም ሳትገዙ በፊት በእጃችሁ የሚሰጣችሁ የመጀመሪያው ክምር ነው። ደካማ መሆኑ ሆን ተብሎ ነው፣ ጌሙ ራሱ እሱን እያሻሻሉ መሄድ ስለሆነ። ችግሩ ደካማ እና አሰልቺ አንድ ነገር አለመሆናቸው ነው፣ እኛም መጀመሪያ ላይ ሁለቱን አምታተናቸው ነበር።

ለምን ሁሉም ጌም ላይ 10 ካርድ ነው?

ሁሉም አይደለም ግን በጣም ብዙው ነው። በ2008 የወጣው ዶሚኒየን፣ ዶናልድ ቫካሪኖ የሠራው፣ 7 መዳብ (እያንዳንዱ 1 የሚያወጣ ብር) እና 3 ርስት (በጨዋታው መሀል ምንም የማይሠራ፣ መጨረሻ ላይ ነጥብ ብቻ የሚሆን) አድርጎ ጀመረ፣ በእያንዳንዱ ተራ 5 ካርድ ይመዘዛል፣ ከዛ በኋላ የመጣው ሁሉ ማለት ይቻላል ከዛ ነው የተነሳው።

ቁም ነገሩ ግን 10 ቁጥሩ አይደለም፣ ዴኩ የእጁ ልክ ሁለት እጥፍ መሆኑ ነው። 10 ካርድ ኖሯችሁ 5 ስትመዙ በመጀመሪያው ተራ ያላያችሁት በሙሉ በሁለተኛው ተራ ይመጣል፣ አንድም ካርድ አይተርፍም። ስለዚህ የመጀመሪያ እጁን ያየ ሰው የሁለተኛ እጁንም ያውቃል ማለት ነው፣ ቆጥሮ። ይሄ ትልቅ ስጦታ ነው፣ ምክንያቱም ገና ጌሙን የማያውቅ ሰው እንኳን "አሁን 3 ብር አለኝ፣ ቀጥሎ 4 ይመጣልኛል" ብሎ ሁለት ተራ አስቀድሞ ማሰብ ይችላል። እኛ አንዴ "ትንሽ ለየት እንበል" ብለን 12 ካርድ በ5 እጅ ሞከርን፣ ሁለት ካርድ ተረፈ፣ ሶስተኛው ተራ ላይ መሀል ላይ ቆሞ መበወዝ መጣ፣ ሰዉም ምን እንደሚመጣለት መገመት ስላልቻለ ዝም ብሎ ያለውን አወጣ ገዛ። 12 ከፈለጋችሁ እጁን 6 አድርጉት፣ 8 ከፈለጋችሁ 4።

የመጀመሪያ ሁለት ተራችን "አውቶማቲክ" ሆኖብናል፣ ሁሉም ሰው ያንኑ ነው የሚገዛው። ምን እናድርግ?

ይሄ ጥያቄ ነው ይሄን ሁሉ ያስጻፈኝ፣ ስለዚህ ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

የኛ የመጀመሪያ ስሪት እንዲህ ነበር፦ 8 "ብር" ካርድ፣ እያንዳንዱ 1 ብር የሚሰጥ፣ እና 2 "ጭቃ" ካርድ፣ ምንም የማይሰጥ (ክረምት ላይ ከገጠር ቡና ጭኖ የመጣ ሰው ለምን ጭቃ እንደተባለ አይጠይቅም)። ገበያው ላይ ያሉት ካርዶች ዋጋቸው ወይ 3 ወይ 6 ነበር፣ ለምን ብትሉ ሂሳቡ እንዲቀል ብለን ነው፣ ሌላ ምክንያት አልነበረንም።

አሁን ቆጥሩት። ሁለቱ ጭቃዎች ወይ አንድ እጅ ላይ አብረው ይመጣሉ፣ ወይ ይከፋፈላሉ። አብረው ከመጡ አንዱ ተራ ላይ 3 ብር ሌላኛው ላይ 5 ብር ይኖራችኋል። ከተከፋፈሉ 4 እና 4። ከ9 ጊዜ 5ቱን 4 እና 4 ነው የሚሆነው፣ 4ቱን 3 እና 5። ሌላ የሚሆን ነገር የለም። ታዲያ በ4 ብር ምን ይገዛል? ባለ 3ቱን። በ5 ብርስ? ያንኑ ባለ 3። በ3ስ? ባለ 3። ባለ 6ቱን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ተራ ማንም በምንም ተአምር አይደርስበትም። ስለዚህ እጁ ምንም ይምጣ ምን ሁሉም ሰው ሁለት ባለ 3 ካርድ ገዝቶ ይቀጥላል፣ የተረፈው ብር ደሞ ለቀጣይ ተራ ስለማያድር በከንቱ ይሄዳል። ካርዱን በውዘን፣ አድለን፣ አስበን፣ ውጤቱ ግን ከመጀመሪያው የታወቀ ነበር። ጌሙ ሶስተኛው ተራ ላይ ነው የሚጀምረው ማለት ነው፣ እኛ ግን ሁለት ወር ሙሉ "ካርዶቹ ደካማ ስለሆኑ ነው" እያልን የካርዶቹን ጉልበት ስንጨምር ስንቀንስ ነበር።

ጥፋቱ ዴኩ ላይ ብቻ አልነበረም፣ ዴኩ እና የገበያው ዋጋ አልተነጋገሩም ነበር። መነሻ ዴኩ 3፣ 4፣ 5 ብር ካመጣ፣ ገበያው ላይ የ3፣ የ4 እና የ5 ብር ካርድ መኖር አለበት፣ አለበለዚያ የእጆቹ ልዩነት ልዩነት አይደለም። ዋጋውን 2፣ 3፣ 4፣ 5 አደረግነው፦ አህያ 2፣ ሚዛን 3፣ ማድረቂያ አልጋ 4፣ አይሱዙ 5። ዴኩን ሳንነካ በዛ ብቻ ጨዋታው ተቀየረ።

ግን አልበቃም። 4 እና 4 የመጣለት ሰው ሁሌ ሁለት ማድረቂያ አልጋ ነው የሚገዛው፣ አህያን ዞር ብሎ የሚያያት የለም። ስለዚህ ወደ 7 ብር እና 3 ጭቃ ወረድን፣ እንደ ዶሚኒየን ማለት ነው። እዚህ ላይ ጠቅላላው 7 ነው፣ 7 ደሞ ለሁለት እኩል አይከፈልም፣ ውበቱ እዛ ላይ ነው። ወይ 4 እና 3 ይሆናል ወይ 5 እና 2። 5 እና 2 የሚመጣው ከ6 ጊዜ አንዴ ነው፣ 5ቱን ጊዜ 4 እና 3 ነው። አሁን ሰዎች የተለያየ ነገር ይዘው ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ተራዎች ይወጣሉ፣ አንዱ አይሱዙ እና አህያ፣ ሌላው ማድረቂያ እና ሚዛን።

ታዲያ 5 እና 2 የመጣለት ሰው ዕድለኛ ሆኖ አያሸንፍም?

ይሄን የጠየቀችው የአክስቴ ልጅ ናት፣ ሶስት እሁድ በተከታታይ 4 እና 3 ደርሷት ተናዳ። አላጠፋችም። የነበረን ልዩነት እንጂ ውሳኔ አልነበረም፣ እጁ ነው የሚወስነው፣ ሰውየው የመጣለትን ይቀበላል።

የመጀመሪያ ሀሳባችን ሁሉንም ካርድ አስደሳች ማድረግ ነበር። 10ሩም ላይ ጽሁፍ ጻፍንባቸው፣ አንዱ ይህን ያደርጋል አንዱ ያን፣ ከዛ ጌሙን አይቶ የማያውቅ ጎረቤታችንን አስቀመጥነው፣ 5 ካርድ አነሳ፣ አነበበ፣ እንደገና አነበበ፣ ቡናው ቀዘቀዘ፣ መጨረሻ ላይ ቀና ብሎ "እሺ አሁን የትኛውን ልጣል?" አለን። ገበያው ላይ ያሉትን ካርዶች ገና አላያቸውም እኮ። ስለዚህ የሁለተኛው ትምህርታችን፦ ከ10ሩ ሁለቱ ብቻ ጽሁፍ ይኑራቸው። 8ቱ በአይን የሚነበቡ ይሁኑ።

ሁለቱ እነዚህ ናቸው፦

ደላላ፦ ወይ 1 ብር ይሰጣል፣ ወይ ገበያው ላይ ካሉት ካርዶች አንዱን ወደ ገበያው ክምር ስር ልካችሁ በቦታው አዲስ ትገልጣላችሁ።

ጀበና፦ ብር አይሰጥም። ከእጃችሁ አንድ ካርድ ለቀጣዩ ተራ ታሳድራላችሁ፣ በቀጣዩ ተራ 5 መዛችሁ ያደረውን ስትጨምሩ 6 ይሆናል።

ዴኩ አሁን 6 ብር፣ 1 ደላላ፣ 1 ጀበና፣ 2 ጭቃ ነው። ብር የሚሰጠው 7፣ የማይሰጠው 3፣ ሂሳቡ አልተቀየረም። የተቀየረው ግን ምንድነው፣ ጀበናው በመጀመሪያው እጅ ከመጣላችሁ (ግማሽ ያህል ጊዜ ይመጣል) እና 3 ብር ካላችሁ፣ ሚዛን ገዝታችሁ ቀጥሎ በ4 ማድረቂያ መግዛት ትችላላችሁ፣ ወይ ደሞ አሁን በ2 አህያ ብቻ ገዝታችሁ አንዱን ብር አሳድራችሁ ቀጥሎ በ5 አይሱዙ። 4 እና 3 የነበረውን እጅ በራሳችሁ ፈቃድ 5 እና 2 አደረጋችሁት ማለት ነው። ዕድሉ አልጠፋም፣ ግን የሚያማርረው ሰው ቀነሰ።

በተግባር ሲጫወቱት ምን ይመስላል? አንድ ምሳሌ ስጡን።

ባለፈው የሆነውን ልንገራችሁ። ሁለት ሰው ነው፣ አንድ ጓደኛችን እና የአክስቴ ልጅ። ገበያው ላይ ሁለት አህያ፣ አንድ ሚዛን፣ አንድ ማድረቂያ፣ አንድ አይሱዙ ተዘርግቷል።

ጓደኛችን ቀድሞ ተጫወተ፣ የመጣለት 2 ብር፣ ጀበና እና ሁለቱም ጭቃ። አህያ ገዛ። በአህያዋ ቦታ ሌላ ሚዛን ተገለጠ።

እሷ የመጣላት 2 ብር፣ ደላላ፣ ጀበና እና አንድ ጭቃ ነው። ደላላውን ለብር ከተጠቀመችበት 3 ብር አላት። ሌላኛው እጇ የግድ 4 ብር እና አንድ ጭቃ ነው፣ ሌላ የቀራት ነገር የለም። ፊቷ ላይ ያየሁት የመጀመሪያ ፕላን አህያ ገዝቶ አንድ ብር አሳድሮ በሚቀጥለው አይሱዙን ማንሳት ነበር።

ከዛ የሱን ካርዶች ተመለከተች። 2 ብር እና ሶስት ባዶ ነው ያወጣው። ታዲያ ቀጣይ እጁ 4 ብር እና ደላላ ነው፣ ማለትም 5። የሚጫወተው ደሞ ከሷ በፊት ነው። አይሱዙን ይዞት ይሄዳል፣ እሷ ያሳደረችው ብር ባዶ ይቀራል።

ስለዚህ ሁለት ምርጫ ቀራት። አንዱ አይሱዙን ትታለት ሚዛኑን በ3 ገዝታ ቀጥሎ በ4 ማድረቂያውን መውሰድ። ሌላው ደላላውን ለብር ሳይሆን ለገበያው ተጠቅማ አይሱዙን ከስር መላክ፣ ያኔ 2 ብር ብቻ ስለሚቀራት አህያ ትገዛለች። ራሷ አንድ ብር ታጣለች፣ እሱን ግን አይሱዙ ታሳጣዋለች። አሰበች፣ አሰበች፣ እሱ ደሞ "ኧረ ቶሎ በይ" እያለ ጠረጴዛውን ይደበድባል፣ መጨረሻ ላይ "ሂድ ወደዛ" ብላ አይሱዙን ከስር ላከችው። በቦታው የተገለጠው ሁለተኛ ማድረቂያ ነበር። አህያዋን ገዛች፣ እሱ በ5 ብሩ የ4 ማድረቂያ ወስዶ አንድ ብር ባከነበት፣ እሷም በተራዋ በ4 ብሯ ሌላኛውን ማድረቂያ ወሰደች።

ይሄ ሁሉ የሆነው ማንም አንድም ጠንካራ ካርድ ሳይኖረው ነው። ሁለቱም እጅ ላይ ያለው ብር፣ ጭቃ፣ ደላላ፣ ጀበና። ልክ ነበረች ወይ? እኔ ሚዛኑን ነበር የምገዛው፣ አሁንም እንከራከርበታለን።

ጭቃውን ለምን አታወጡትም? ምንም የማይሠራ ካርድ ማን ይወዳል?

ጭቃውን አውጥታችሁ 10ሩንም 1 ብር ብታደርጉት ሁሉም ሰው፣ ሁሌም፣ በሁለቱም ተራ ልክ 5 ብር ይኖረዋል። መበወዙ ራሱ ትርጉም ያጣል። እጅን ከእጅ የሚለየው ባዶው ካርድ ነው። በዛ ላይ ገበያው ውስጥ "አካፋ" የሚባል ካርድ አለን፣ ጭቃን ከዴክ ለዘለአለም የሚያስወጣ፣ ጭቃ ባይኖር አካፋን ማን ይገዛ ነበር።

ግን ባዶነቱ ካስጠላችሁ ዶሚኒየን ራሱ በ2012 ዳርክ ኤጅስ በሚባለው ማስፋፊያው ላይ ያደረገውን እዩ፣ ሶስቱን ርስት በሶስት የተለያዩ መጠለያዎች ተካቸው። አንዱ ተራ ላይ ተጨማሪ አክሽን ይሰጣል፣ አንዱ የነጥብ ካርድ ስትገዙ ሊወገድ ይችላል፣ አንዱ ሲወገድ አንድ ካርድ ያስመዝዛል። አሁንም ደካሞች ናቸው፣ ግን ስለነሱ የሚታሰብ ነገር አለ።

ስሌይ ዘ ስፓየር የሚባለው የኮምፒውተር ጌም ላይ እኮ መነሻ ዴኩ በጣም ቀላል ነው፣ ግን አይሰለችም። ለምን?

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ምክንያቱም መልሱ ከካርዱ ውጪ ነው ያለው። አይረንክላድ የሚባለው ገጸ ባህሪ 5 መምቻ፣ 4 መከላከያ እና 1 ባሽ የሚባል ከበድ ያለ መምቻ ይዞ ይጀምራል። መምቻው 6 ይመታል፣ መከላከያው 5 ይከላከላል፣ በቃ። ነገር ግን 5 ካርድ ትመዛላችሁ፣ ጉልበታችሁ 3 ብቻ ነው፣ መምቻና መከላከያ እያንዳንዳቸው 1 ይፈጃሉ፣ ባሽ ደሞ 2፣ ስለዚህ ሁሉንም ማውጣት አትችሉም። ጠላቱ ደሞ በዚህ ተራ ምን ሊያደርግ እንደሆነ ከጭንቅላቱ በላይ ያሳያችኋል። ሊመታችሁ ከሆነ ትከላከላላችሁ ወይስ ቀድማችሁ ትጨርሱታላችሁ? ያው ተመሳሳይ እጅ ከተለያየ ጠላት ፊት የተለያየ መልስ አለው።

የኛ አይነት፣ ያላችሁን ብር በሙሉ አውጥታችሁ የምትገዙበት ጌም ላይ ግን ይሄ ውጥረት የለም። ብር ካላችሁ ብር ታወጣላችሁ። ስለዚህ ውሳኔውን ከዋጋው እና ከገበያው ማምጣት የግድ ነው። ከዛ ጌም ዴኩን ብቻ ቀድታችሁ ወደ ወረቀት ብታመጡት ይሞትባችኋል፣ አንድ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ይዞልን የመጣው ፕሮቶታይፕ ልክ እንደዛ ነበር የሆነው።

መጀመሪያ የገዛሁት ካርድ እስከ አምስተኛ ተራ አልመጣልኝም። ይሄ ኖርማል ነው?

ኖርማል ነው፣ ግን ብዙ ዲዛይነር አያስተውለውም። በመጀመሪያ ሁለት ተራ ሁለት ካርድ ስትገዙ ዴኩ 12 ይሆናል። ተበውዞ በሶስተኛውና በአራተኛው ተራ 10 ይመዘዛል፣ ሁለቱ ከስር ይቀራሉ። ሁለቱም የገዛችኋቸው ካርዶች እስከ አራተኛ ተራ የመምጣት ዕድላቸው ከ100 ጊዜ 68 ገደማ ነው። ስለዚህ ከሶስት ሰው አንዱ ገደማ ቢያንስ አንዱን ግዢውን አያየውም፣ መጀመሪያ ላይ ያሰበው ሁሉ ከስር ተቀብሮ ይቀራል። ተራው ትርጉም የለሽ የሚመስለው ሁልጊዜ ምርጫ ስለሌለ አይደለም፣ አንዳንዴ የመረጣችሁት ነገር ውጤቱ ቶሎ ስለማይታይ ነው።

መፍትሄ ብለን የሞከርነው የተገዛውን ካርድ ዴኩ ላይ ከላይ ማስቀመጥ ነበር። ሠራ፣ ግን ከመጠን በላይ፤ ሁለተኛ ተራ ላይ የገዛኸው አሁኑኑ ስለሚመጣ መጀመሪያ ያገኘው እየበረረ ሄደ፣ የሁለተኛ እጃችሁን ቆጥሮ የማወቁ ነገርም ተበላሸ። ተውነው።

የሚገርመው መፍትሄው ቀድሞ እጃችን ላይ ነበር፣ ያገኘውም ከኛ አንዱ ሳይሆን ቡና የምታፈላልን ልጅ ናት። ጀበናዋ ሁለተኛው እጅ ላይ ሲመጣላት ብር አላሳደረችም፣ ጭቃ አሳደረች። እኛ ሳቅንባት። "ጭቃ ምን ያደርግልሻል?" ስንላት "ከዴኩ ይወጣል እኮ" አለችን። ልክ ናት! ጭቃው እጇ ላይ ካደረ ሲበወዝ ውስጥ የለም፣ 12 የነበረው 11 ይሆናል፣ ከስር የሚቀረው አንድ ካርድ ብቻ ነው፣ ሁለቱም ግዢዎቿ የመምጣት ዕድላቸው ከ68 ወደ 82 ገደማ ይወጣል። ያደረው ጭቃ ደሞ ስድስተኛ ካርድ ሆኖ ስለሚመጣ የማንንም ቦታ አይወስድም። ይሄን እኛ አላቀድነውም። ከዛ በኋላ የጀበናውን ጽሁፍ አንዲት ቃል አልነካንም።

መጀመሪያ የሚጫወተው ሰው አይጠቀምም?

ይጠቀማል፣ ገበያውን ቀድሞ ያያል። ስታር ሪልምስ የሚባለው ሌላ ዴክ ቢልዲንግ ጌም ላይ የመጀመሪያው ተጫዋች በመጀመሪያ ተራው 5 ሳይሆን 3 ካርድ ብቻ ይመዛል። እኛ ጋ ያንን ስናደርግ አምስት አምስት የሚከፈለው ነገር ፈረሰ፣ ስለዚህ መጨረሻ ለሚጫወተው ሰው አንዴ ብቻ የሚጠቀምበት የ1 ብር ሳንቲም እንሰጠዋለን።

ለእያንዳንዱ ተጫዋች የተለያየ መነሻ ዴክ ብናደርግስ?

አንዱ ሰብሳቢ አንዱ ላኪ ሆኖ፣ ያምራል። ግን መጀመሪያ አንድ አይነቱ ይሥራላችሁ፣ እኛ ገና ነን።

መነሻ ዴኩ መሥራቱን በምን እናውቃለን? ሙሉ ጌም መጫወት ግድ ነው?

ሙሉ ጌም አትጫወቱ፣ ጊዜ ነው የምታባክኑት። አራት ተራ ብቻ ተጫወቱና ሰብስቡት፣ እንደገና በውዙ። በአንድ ከሰዓት ደጋግማችሁ ማየት ትችላላችሁ፣ ሙሉ ጌም ከሆነ ሁለት ቢደርሳችሁ ነው።

ከሱም በላይ የጠቀመን ግን ይሄ ነው። ገበያውን ዘርጉ፣ አንድ እጅ 5 ካርድ ሁሉም እንዲያየው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡ፣ ከዛ ያላችሁት ሰዎች ሁሉ ምን እንደምትገዙ ሳትነጋገሩ በብጣሽ ወረቀት ጻፉ። አንድ ላይ ግለጡ። ሁሉም ያንኑ ከጻፈ ያ ተራ የሞተ ነው፣ ካርዱን ማሳመር አያድነውም፣ ዋጋውን ወይ ዴኩን መንካት አለባችሁ። ሁሉም የተለያየ ጽፎ ግን ለምን እንደጻፈ ማንም ማስረዳት ካልቻለ እሱም ችግር ነው፣ ምርጫው ግምት ሆኗል ማለት ነው። የምትፈልጉት ሁለት ጎራ ተፈጥሮ ሲጨቃጨቅ ነው። በመጀመሪያው ስሪት (3 እና 6 ዋጋ የነበረው) ይሄን ብናደርግ ኖሮ ሁለት ወር አናቃጥልም ነበር፣ ሁሉም ወረቀት ላይ አንድ አይነት ነገር ነበር የሚጻፈው።

ሌላ ምልክት ደሞ አለ፣ ሰውየው ካርዱን ሳያየው የሚጥለው ከሆነ። የኛ ጎረቤት ዋጋው 3 እና 6 በነበረበት ጊዜ ስልኩን እያየ ነበር የመጀመሪያ ሁለት ተራ የሚጫወተው።

ካርዶቹን ጅማ ላይ የት ታሳትማላችሁ?

ማተሚያ ቤት አትሂዱ፣ በየሳምንቱ ነው የሚቀየረው። ተራ ካርታ ገዝታችሁ ፊቱ ላይ ወረቀት ለጥፉ፣ እኛ ፎቶ ኮፒ ቤት A4 ላይ 9 ካርድ አድርገን እናስወጣና በመቀስ እንቆርጣለን። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፣ ጀርባቸው አንድ አይነት ይሁን። እኛ አንድ ሰሞን ጀርባውንም በወረቀት ሸፍነነው ነበር፣ ደላላውን እና ጀበናውን ዘግይተን ስለጨመርናቸው በሌላ ቀን ነው የታተሙት፣ የዛን ቀን ቀለሙ ትንሽ ጠቆር ብሎ ወጣ፣ ማንም አላስተዋለም ብለን ነበር። ለካ ጓደኛችን (ያው ጠረጴዛ የሚደበድበው) ለሶስት እሁድ የሰዉን ዴክ ከላይ እያየ ቀጥሎ ደላላ እንደሚመጣለት ያውቅ ነበር። አሁን ጀርባውን አንለጥፍም፣ የካርታው የራሱ ጀርባ ይበቃል።